ለካራቺው ገዢ ምን ብለን እንጻፍ?

ፎገራ ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ሩዝ ነው። ሩዙ ግን ባሕር አይሻገርም፤ ለአገር ቤት ገበያ ራሱ ስለማይበቃ ተጨማሪ ከውጭ ይገባል። ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ መርከብ የሚሳፈረው ውኃው ከሸሸ በኋላ የሚዘራው ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ሲጎድሉ ዋልካው ያስቀረውን እርጥበት ተማምኖ ገበሬው ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ሽምብራው በየካቲትና በመጋቢት ከአውድማ ወጥቶ ወረታ መጋዘን ይገባል፤ ከዚያ ተበጥሮና ተለቅሞ ወደ ፓኪስታን፣ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ዱባይ ይሄዳል። ቢያንስ እቅዱ እንደዚያ ነው።

እቅዱ ሲናድ ደብዳቤ ይጻፋል። ነጋዴው በአማርኛ ይናገራል፣ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይተረጉማል፣ ኢሜይሉ ይላካል። ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ እንደ ይቅርታ ወረቀት ያየዋል። እኔ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው ባይ ነኝ፤ ደብዳቤው የሚጻፈው ገዢውን ከወንበሩ አስነሥቶ ባንክ ለማስኬድ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ጭነት ይዘን እንከተለው። ታሪኩ ለምሳሌ የተሠራ ነው፤ ቀኖቹ ግን በእውነተኛው የ2017 ዓ.ም. የቀን መቁጠሪያ ላይ የተቀመጡ ናቸው።

አንድ ላኪ 120 ቶን ሽምብራ ለካራቺ ነጋዴ ሸጧል እንበል። በእኛ አቆጣጠር 1,200 ኩንታል ነው፤ በ50 ኪሎ ጆንያ 2,400 ጆንያ፣ በአምስት ኮንቴይነር የሚገባ። ክፍያው በኤልሲ ነው። ኤልሲ ማለት የገዢው ባንክ «በዚህ ቀን ውስጥ ተጭኖ፣ እነዚህ ሰነዶች ተሟልተው ከቀረቡልኝ እከፍላለሁ» ብሎ የሚገባው ቃል ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀኖች አሉ። 44C በሚለው መስመር የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ኤፕሪል 15፣ 2025 ተብሏል፤ በእኛ ሚያዝያ 7። 31D በሚለው መስመር ደግሞ ኤልሲው የሚያበቃበት ቀን ሜይ 6 ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 28።

እዚህ ላይ ወረታ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚሳት ነገር አለ። ነጋዴው «ጫንን» ሲል ጆንያው ካሚዮን ላይ መውጣቱን ነው። ወረታ ደረቅ ወደብም ስላላት ዕቃው ወደብ የደረሰ ይመስላል። ባንኩ የሚያየው ግን ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ የሰፈረውን ቀን ነው፤ የባሕር ጭነት ከሆነ ደግሞ ያ ቀን ዕቃው ጅቡቲ ላይ መርከብ የተሳፈረበት ቀን ነው። በወረታ መጫንና በጅቡቲ መጫን መካከል የጉምሩክ ወረቀት፣ በደብረ ታቦርና በወልዲያ ወደ ሚሌ የሚወርደው ወይም በአዲስ አበባ የሚዞረው መንገድ፣ ኮንቴይነር መሙላትና መርከብ መጠበቅ አለ። ባለፉት ዓመታት ክልሉ ውስጥ ባለው ግጭት የተነሣ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ለገዢው የሚነገረው ቀን የካሚዮኑ ቀን መሆን የለበትም።

ሐሙስ መጋቢት 18 (ማርች 27) ከመጫን በፊት በሚደረገው ፍተሻ ናሙናው ውስጥ ሕይወት ያለው ነቀዝ ተገኘ። ሽምብራው ሲገዛ ንጹሕ ይመስል ነበር። የነቀዝ ተንኮሉ ይህ ነው፤ እናቲቱ ዕንቁላሏን ቅርፊቱ ላይ ትለጥፋለች፣ ትሉ ወደ ውስጥ ይገባና ፍሬውን እየበላ ያድጋል፣ በሞቃት መጋዘን አንድ ወር ገደማ ሲሞላው ክብ ቀዳዳ በስቶ ይወጣል። ፍሬውን በእጅ ዘግኖ ብርሃን ላይ ያየ ሰው ቀዳዳው ከመታየቱ በፊት ቅርፊቱ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያያል፤ ያ ዕንቁላሉ ነው። ካለፈው ዓመት የተረፈ ሽምብራ ከአዲሱ ጋር ከተቀላቀለ ወይም መጋዘኑ ሳይጸዳ ከተሞላ ነገሩ የሚጠበቅ ነው።

መድኃኒቱ ማጠን ነው። ክምሩ በሸራ ተሸፍኖ፣ ጠርዙ አየር እንዳያስወጣ ተደፍኖ፣ የፎስፊን ጋዝ የሚያወጣ እንክብል ይቀመጥበታል። ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ከተያዘ የሚርመሰመሰው ይሞታል፤ ዕንቁላሉና ፍሬው ውስጥ ያለው ግን ሊተርፍ ይችላል፤ ካራቺ ሲደርስም ይወጣል። ስለዚህ ላኪያችን ሰባት ቀን ሙሉ ሊያጥን ወሰነ። ቅዳሜ መጋቢት 20 ይሸፈናል፣ ቅዳሜ መጋቢት 27 ይከፈታል፣ እሑድን ይናፈሳል፣ ሰኞ መጋቢት 29 እንደገና ይፈተሻል። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱን በማግስቱ ቢያገኝ ካሚዮኖቹ ረቡዕ ሚያዝያ 1 ከወረታ ይወጣሉ።

ትራንዚተሩ የነገረው የመርከብ ቀን ሦስት ነው፤ ኤፕሪል 12፣ ኤፕሪል 19 እና ኤፕሪል 26። የመጀመሪያው አምልጧል። ሁለተኛው ያጓጓል። ካሚዮኖቹ ኤፕሪል 14 ጅቡቲ ቢደርሱ፣ ኮንቴይነሩ በአንድ ቀን ቢሞላ፣ መርከቡ ኮንቴይነር መቀበል ከሚያቆምበት ሰዓት በፊት ቢገባ፣ ይደርሳል። ሦስት «ቢ» አለበት። ከዚያም በላይ ኤፕሪል 18 ስቅለት፣ ኤፕሪል 20 ፋሲካ ነው፤ በሕማማት መጨረሻ ሾፌርም፣ ጫኝና አውራጅም፣ የቢሮ ሠራተኛም ልቡ ቤቱ ነው። ስለዚህ የሚታቀደው ኤፕሪል 26 ነው፤ ባንኩ እንዲጽፍ የሚጠየቀው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ቀጣዩን መርከብ አስቦ ሜይ 3 ይሆናል። ሁለት ጊዜ ማራዘሚያ የሚጠይቅ ሻጭ በሁለተኛው ላይ ሰሚ አያገኝም፤ አንድ ጊዜ ሰፋ አድርጎ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ደብዳቤው። ነጋዴው መጀመሪያ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦

«ለተከበራችሁ ደንበኛችን፣ ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ በገጠመን ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ምክንያት ጭነቱ ለጥቂት ቀናት ሊዘገይ ስለሚችል እንደ ወትሮው በትዕግሥት እንድትጠብቁን በታላቅ ትሕትና እንጠይቃለን። በቅርቡ እንደምንልክ ተስፋ እናደርጋለን።»

ጨዋነቱ አይነቀፍም። ግን ገዢው ይህን አንብቦ የሚያደርገው ምንም ነገር የለም። ጥቂት ቀን ስንት ነው? ሊዘገይ ይችላል ማለት ዘግይቷል ወይስ ላይዘገይ ይችላል? ባንኩ ሄዶ ምን ብሎ ይጠይቅ? «ችግር የለም ወዳጄ» ብሎ ይመልሳል፤ አደጋውም እዚያው ላይ ይጀምራል፣ ወደዚህ እመለሳለሁ። ከሁሉ የሚከፋው «ከአቅም በላይ» የሚለው ነው። በንግድ ውል ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፤ ጦርነት፣ ጎርፍ፣ የመንግሥት ክልከላና የመሳሰለው ሲደርስ ሻጩን ከኃላፊነት የሚያወጣ፣ የራሱ ማስታወቂያና ማስረጃ ያለው አንቀጽ ነው። መንገድ ተዘግቶ ቢሆን ሊያከራክር ይችል ይሆናል። ነቀዝ ግን የመጋዘን አያያዝ ጉዳይ ነው፤ ገዢው ጠበቃ ካለው ይህን ቃል ሲያይ «ከውሉ ሊሸሹ ነው» ብሎ ይጠረጥራል፤ ያላሰብነውን ክርክር ራሳችን እንከፍታለን።

ለመተርጎም የሚመች፣ ሥራም የሚያሠራው አማርኛ እንዲህ ቢሆን፦

«ጉዳዩ፦ የ120 ቶን ሽምብራ ጭነት፤ የመጫኛ ቀን ማራዘሚያ ስለ መጠየቅ

ውድ ደንበኛችን፣

በውላችን መሠረት እስከ ኤፕሪል 15፣ 2025 ድረስ መጫን የነበረበት ሽምብራ እስከዚህ ቀን እንደማይጫን ዛሬ ስናሳውቅዎ እናዝናለን።

ማርች 27 በተደረገው ፍተሻ ነቀዝ ተገኝቷል። በዚህ ሁኔታ ልንልክልዎ አልፈለግንም። ዕቃው ከማርች 29 ጀምሮ ለሰባት ቀናት ይታጠናል፤ ኤፕሪል 7 እንደገና ይፈተሻል። የፍተሻውን ሪፖርት አያይዘናል፤ የሁለተኛውንም ውጤት በዚያው ዕለት እንልካለን።

ከጅቡቲ ኤፕሪል 26፣ 2025 በሚነሣው መርከብ ለመጫን አቅደናል። ስለዚህ ባንክዎ ኤልሲውን እንደሚከተለው እንዲያሻሽል እንዲያመለክቱልን እንጠይቃለን፦ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ሜይ 3፣ 2025፤ የማብቂያው ቀን ሜይ 24፣ 2025። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ይቀጥላል። የማሻሻያውን የባንክ ክፍያ እኛ እንሸፍናለን።

በእነዚህ ቀኖች መስማማትዎን እስከ ኤፕሪል 2 ቢገልጹልን ሥራችንን ያቀልልናል። ይህ መዘግየት በእርስዎ ደንበኞች ላይ ችግር የሚፈጥር ከሆነ እባክዎ ይንገሩን፤ ተነጋግረን እንፈታዋለን።

ከአክብሮት ጋር»

ይቅርታው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አክብሮቱ ግን አልጎደለም። ገዢውን የሚያከብረው ምክንያቱ ሳይሸፋፈን መነገሩና ቀኑ ሳያልፍ መነገሩ ነው። ደብዳቤው ማርች 28 ከተላከ ገና ከሁለት ሳምንት በላይ አለ። ገዢውም ሽምብራውን ቀድሞ ለወፍጮ ቤት ወይም ለጅምላ ነጋዴ ሸጦት ሊሆን ይችላል፤ የእኛ መዘግየት ለእሱ ሌላ ደብዳቤ የሚጽፍበት ምክንያት ነው። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ነጋዴዎች «በር መክፈት ነው» ብለው ይፈሩታል። በሩ ግን ክፍት ነው፤ ቀኑን ያፈረሰው ሻጩ ስለሆነ ገዢው ዋጋ ቀንሱልኝ ማለት ይችላል፣ ገበያው ወርዶ ከሆነ ደግሞ ማለቱ አይቀርም። ለረመዳን የታዘዘ ዕቃ ቢሆን ኖሮማ አዲስ ቀን ራሱ መፍትሔ ባልሆነ ነበር፤ ጾሙ ካለፈ በኋላ የሚደርስ ሽምብራ ሌላ ዋጋ ያለው ሌላ ዕቃ ነው።

ውሉ በጋፍታ ቅጽ የተጻፈ ከሆነ የዋጋው ቅናሽ አስቀድሞ የተወሰነ ሊሆን ይችላል። ጋፍታ ለንደን ያለው የእህልና የመኖ ንግድ ማኅበር ነው። የመጫኛ ማራዘሚያ አንቀጽ ባላቸው ውሎቹ ሻጩ በጊዜው አሳውቆ እስከ ስምንት ቀን ሊጨምር ይችላል፤ እስከ አራት ቀን ከዋጋው ግማሽ በመቶ፣ ለአምስትና ለስድስት ቀን አንድ በመቶ፣ ለሰባትና ለስምንት ቀን አንድ ተኩል በመቶ ይቀንሳል። የእኛው ሽምብራ ከኤፕሪል 15 እስከ 26 አሥራ አንድ ቀን ስለሚዘገይ ይህ አንቀጽ አይሸፍነውም፤ መለመንና መስማማት የግድ ነው። ውሉን ሳያነቡ ደብዳቤ መጻፍ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ትርጉሙ ላይ ትልቁ ጉድ ቀን ነው። ነጋዴው «ሚያዝያ 18» ይላል፣ ተርጓሚው «ሚያዝያ ኤፕሪል ነው» ብሎ «ኤፕሪል 18» ይጽፋል። ሚያዝያ 18 ግን ኤፕሪል 26 ነው። የስምንት ቀን ስሕተት ነው፤ ገዢው ባንኩ ሄዶ ኤፕሪል 18ን የመጨረሻ ቀን አድርጎ ያሻሽልልናል፤ እኛ በ26 እንጭናለን፤ በራሳችን ደብዳቤ ራሳችንን አዘገየን ማለት ነው። ስለዚህ ቀኑ ለተርጓሚው ሳይሰጥ በፊት፣ በአማርኛው ረቂቅ ላይ እንዳለ፣ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይለወጣል፤ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፋል። 03/05 የሚለውን አንዱ ሜይ 3፣ ሌላው ማርች 5 ብሎ ያነበዋል። ኩንታልም በቶን ይገለጻል። «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለውን ማውጣት አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ የካራቺው ገዢ እሱም እንዲሁ ስለሚል ቅር አይለውም። እኔ ግን ከቀኑ አጠገብ አላስቀምጠውም፤ መዝጊያው ላይ ይሁን፤ አለዚያ ቀኑ ራሱ ያጠራጥራል።

ወደ «ችግር የለም ወዳጄ» እንመለስ። ገዢው ከልቡ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ይህን ኢሜይል ይዞ በኤፕሪል 26 ይጭናል፣ ሰነዱን ለባንኩ ያስገባል። የገዢው ባንክ ግን ኢሜይሉን አያውቀውም። ኤልሲ የሚመራበት፣ ከጁላይ 1፣ 2007 ጀምሮ የሚሠራው ዩሲፒ 600 የተባለው ደንብ እንደሚለው ባንክ የሚያየው ሰነድን ነው፤ ዕቃውንም፣ የሰዎቹንም ስምምነት አይደለም። ሰነዱን ለመመርመር ቢበዛ አምስት የሥራ ቀን አለው። ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ኤፕሪል 26 ይላል፣ ኤልሲው ኤፕሪል 15 ይላል፤ «ዘግይቶ ተጭኗል» ብሎ አልከፍልም የማለት መብት አለው። ባንኩ ያኔ ገዢውን «ጉድለቱን ትቀበለዋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሽምብራው ካራቺ ወደብ ላይ ሆኖ የኮንቴይነር ኪራይ እየቆጠረ፣ ወዳጁ ገዢ በቶን ትንሽ ዝቅ ያለ ዋጋ ቢጠይቅ ሻጩ ምን አቅም አለው? በማርች 28 የተጻፈ ደብዳቤ የሚያተርፈው ከዚህ ነው።

ሕጋዊው መንገድ ማሻሻያው ነው። ገዢው ለባንኩ ያመለክታል፤ ባንኩ MT 707 የተባለውን የስዊፍት መልእክት አዲስ አበባ ላለው ባንክ ይልካል፤ እሱም ለላኪው ያሳውቃል። በደንቡ መሠረት የከፋቹ ባንክና የተጠቃሚው (ማለትም የላኪው) ስምምነት፣ አረጋጋጭ ባንክ ካለም የእሱ፣ ከሌለ ቃሉ አይለወጥም። ይህ ሁሉ ቀናት ይፈጃል፤ ደብዳቤው እስከ ኤፕሪል 2 መልስ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ማሻሻያው እጅ ሳይገባ ካሚዮኖቹ ቢወጡ ግድ የለም፤ ዕቃው መርከብ ሳይሳፈር ግን መድረስ አለበት። በዓላትም እዚህ ውስጥ አሉ። የኤልሲው ማብቂያ ባንክ በተዘጋበት ቀን ላይ ቢወድቅ ደንቡ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ያሸጋግረዋል፤ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን ግን በዓል ላይ ወደቀ ተብሎ አይራዘምም።

ማሻሻያው ሲደርስ ብዙ ላኪዎች አንዱን መስመር ብቻ አይተው ይደሰታሉ። ሜይ 3 ተጽፏል፣ ጥሩ ነው። ግን 31D አልተነካ ይሆናል፤ ገዢው ከላካቸው ሁለት ቀኖች የባንኩ ጸሐፊ አንዱን ብቻ አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዕቃው እስከ ሜይ 3 ሊጫን ይፈቀዳል፣ ኤልሲው ግን ሜይ 6 ይሞታል፤ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ፣ የዕፅዋት ጤናው፣ የመነሻ ምስክር ወረቀቱና ደረሰኙ በሦስት ቀን ውስጥ ከጅቡቲና ከአዲስ አበባ ተሰብስበው ባንክ መግባት አለባቸው ማለት ነው። የደንቡ መደበኛ ጊዜ ከተጫነ በኋላ 21 ቀን ነው፤ ከሜይ 3 ሲቆጠር ሜይ 24 የሚሆነው ለዚያ ነው። እንዲህ ያለ ግማሽ ማሻሻያ የደረሰው ላኪ በአንድ መስመር ሁለተኛ ኢሜይል ይጽፋል፤ ረጅም ሰላምታ አያስፈልገውም፦ «ማሻሻያው ደርሶናል፣ እናመሰግናለን፤ 31D አሁንም ሜይ 6፣ 2025 ስለሚል ወደ ሜይ 24፣ 2025 እንዲስተካከል ባንክዎን ይጠይቁልን።»